የማይሸረሸር፣ በደለልም የማይደፈን የአፈር ቦይ እንዴት ይነደፋል?

የአፈር መስኖ ቦይ የሚበላሸው በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ነው። ውሃው ከልክ በላይ ከፈጠነ ወለሉንና ጎኑን እየቦረቦረ ቦዩን ቦረቦር ያደርገዋል። ከልክ በላይ ከዘገየ ደግሞ ተሸክሞት የመጣውን ደለል መንገድ ላይ እያራገፈ ይደፍነዋል። ስለዚህ የአፈር ቦይ ንድፍ ዋናው ጥያቄ «ውሃው ያልፋል ወይ?» የሚለው ብቻ አይደለም። «በምን ፍጥነት ያልፋል?» የሚለው እኩል ክብደት አለው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የምናገኝበትን ቀመር አየርላንዳዊው መሐንዲስ ሮበርት ማኒንግ እ.ኤ.አ. በ1889 አቀረበ። ቀመሩ ዛሬም የመስኖ መሐንዲሶች የዕለት ተዕለት መሣሪያ ነው። አሠራሩን ለማየት አንድ መለስተኛ ቦይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንንደፍ።

ምን ያህል ውሃ ያስፈልጋል?

150 ሄክታር የሚያለማ ቦይ እንበል። በበጋው ሞቃት ወራት ሰብሉ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል ብንል፣ ለአንድ ሄክታር 50 ሜትር ኩብ ይሆናል። ገበሬዎቹ ሌሊት አያጠጡም፤ ውሃው በቀን 14 ሰዓት ብቻ ይሠራል። ከምንጩ ከተለቀቀው ውሃ ግማሽ ያህሉ ደግሞ በስርገትና በማሳ ላይ ብክነት ይጠፋል ብለን እንያዝ። ይህ ሁሉ ሲደመር ለአንድ ሄክታር በሰከንድ ወደ 2 ሊትር ይጠጋል፤ ለ150 ሄክታር 300 ሊትር ማለት ነው። ቦያችን ይህን ውሃ ማሳለፍ አለበት።

ቅርጹ

አፈር እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ቀጥ አድርገው ቢቆፍሩት ውሃ እንደነካው ይናዳል። ለዚህ ነው የአፈር ቦይ ታቹ ጠባብ፣ አፉ ሰፊ ሆኖ በትራፔዞይድ ቅርጽ የሚቆፈረው። ጎኑ ምን ያህል ይጋደም የሚለውን የሚወስነው አፈሩ ነው። ጠንካራ ሸክላ አፈር በአንድ ሜትር ከፍታ አንድ ሜትር ወደ ጎን ቢጋደም ይበቃዋል። ልል የሆነ አሸዋማ አፈር ግን ሁለት ሜትርና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። የእኛ ቦይ የሚያልፍበት መሬት መሐንዲሶች ሳንዲ ሎም የሚሉት፣ አሸዋ የሚበዛበት ቀላል አፈር ነው። ስለዚህ አንድ ተኩል ሜትር እናጋድመዋለን። የወለሉን ስፋት በ60 ሳንቲ ሜትር እንጀምር።

የአፈሩ የፍጥነት ጣሪያ

እ.ኤ.አ. በ1926 ፎርቲየር እና ስኮቢ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች የልዩ ልዩ አፈር ቦዮች ሳይሸረሸሩ የሚችሉትን ከፍተኛ ፍጥነት በሠንጠረዥ አወጡ። ሠንጠረዡ እስከ ዛሬ መነሻ ሆኖ ያገለግላል። በእሱ መሠረት ንጹሕ ውሃ የሚያልፍበት ሳንዲ ሎም በሰከንድ 0.53 ሜትር ይችላል። ደቃቅ አሸዋ 0.46፣ ጠንካራ ሸክላ ደግሞ 1.14 ሜትር ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማይጠብቁት ነገር አለ። ደቃቅ ደለል የተቀላቀለበት ውሃ ከንጹሕ ውሃ ያነሰ ይሸረሽራል። ያው ሳንዲ ሎም ደለል ያዘለ ውሃ ሲያልፍበት እስከ 0.76 ሜትር ይችላል። ምክንያቱም ደቃቁ ደለል ወለሉ ላይ እየተለጠፈ አፈሩን ያያይዘዋል። ከግድብ የሚወጣ ውሃ ግን ደለሉን ግድቡ ውስጥ ጥሎ ስለሚመጣ ከቦዩ አፈር ለመውሰድ ዝግጁ ነው። የእኛ ውሃ ከትንሽ ግድብ የሚለቀቅ ነውና ጣሪያችን 0.53 ይሆናል።

ቀመሩ ሲሠራ

```
A = (b + z·y)·y
P = b + 2y·√(1 + z²)
R = A / P
V = (1/n) · R^(2/3) · S^(1/2)
Q = A · V
```

b የወለሉ ስፋት፣ y የውሃው ጥልቀት፣ z የጎኑ ጋደምታ ነው። A ውሃው የሚያልፍበት ስፋት ሲሆን P ደግሞ ውሃው ከአፈሩ ጋር የሚነካካበት የወለልና የጎን ርዝመት ነው። የሁለቱ ውድር R ውሃው ከግድግዳው ግጭት ምን ያህል ነፃ እንደሆነ ይነግረናል። S የወለሉ ተዳፋት፣ n የአፈሩ ሻካራነት፣ V ፍጥነቱ፣ Q ደግሞ በሰከንድ የሚያልፈው ውሃ ነው። በአግባቡ ለተያዘ የአፈር ቦይ n በተለምዶ 0.025 ይወሰዳል።

መሬቱ በኪሎ ሜትር 2 ሜትር ይወርዳል እንበል። ቆፋሪ የመሬቱን ተዳፋት ተከትሎ ቢቆፍር 300 ሊትሩ በ38 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያልፋል። ችግሩ ፍጥነቱ ላይ ነው፤ በሰከንድ 0.67 ሜትር ይደርሳል። አፈሩ ከሚችለው በላይ ነው፤ ቦዩ በጥቂት የመስኖ ወቅቶች ይቦረቦራል።

ስለዚህ ተዳፋቱን እንቀንሳለን። በኪሎ ሜትር 1 ሜትር ብናደርገው ፍጥነቱ 0.52 ይሆናል። ከጣሪያው በታች ቢሆንም ለጥንቃቄ ቦታ አይተውልንም። በኪሎ ሜትር 60 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም S = 0.0006 እንሞክር። የሚፈለገውን ጥልቀት ቀመሩ በአንድ ጊዜ አይሰጠንም፤ እየገመትን እንፈትናለን። ጥልቀቱን 50 ሳንቲ ሜትር ብንል የሚያልፈው 284 ሊትር ብቻ ነው፤ ያንሳል። 52 ሳንቲ ሜትር ስንል A 0.718 ሜትር ካሬ፣ P 2.475 ሜትር፣ R 0.29 ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ 0.43 ሜትር በሰከንድ፣ የሚያልፈው ውሃ 308 ሊትር ይመጣል። ይበቃናል።

መሬቱ በኪሎ ሜትር 2 ሜትር እየወረደ ቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከወረደ የቀረው 1.4 ሜትር የት ይሄዳል? በየኪሎ ሜትሩ በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነቡ፣ እያንዳንዳቸው 70 ሳንቲ ሜትር የሚያወርዱ ሁለት ደረጃዎች ይሠራሉ። ውሃው ጉልበቱን የሚያጠፋው በግንቡ ላይ እንጂ በአፈሩ ላይ አይሆንም። ቦታው የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ቦዩን ገደላ ገደሉን አስይዞ ማዞር ይቻላል፤ መንገዱ ይረዝማል፣ ተዳፋቱ ግን ይለዝባል።

የታችኛው ወሰን

ፍጥነትን መቀነስ ጥሩ ከሆነ ለምን ከዚህም አንቀንሰውም? በኪሎ ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ብናወርደው ፍጥነቱ ወደ 0.28 ሜትር ይወርዳል። በዚያ ፍጥነት ደለል ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ1895 ኬኔዲ የተባለ መሐንዲስ በፑንጃብ የአፐር ባሪ ዶአብ ቦዮችን አጥንቶ ደለል የማይቀመጥበትን ፍጥነት ከጥልቀቱ ጋር አያያዘው። በእሱ ቀመር፣ V = 0.55 · y^0.64፣ ለ52 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 0.36 ሜትር በሰከንድ ይመጣል። ቀመሩ ከትላልቅ ቦዮችና ከዚያ አገር ደለል የተገኘ ስለሆነ ለእኛ መጠቆሚያ እንጂ ሕግ አይደለም። ሆኖም የእኛ 0.43 በ0.36 እና በ0.53 መካከል መቀመጡ የሚያረጋጋ ነው።

አንድ ቦይ፣ ሁለት ዕድሜ

ብዙ ንድፎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ስህተቱም ከዚህ ይጀምራል። ቦዩ ዕድሜውን ሁሉ 0.025 ሆኖ አይኖርም። ገና ተቆፍሮ ሲለቀቅ ልስልስ ስለሆነ n ወደ 0.02 ይጠጋል። ያን ጊዜ ያው 300 ሊትር በ46 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በሰከንድ 0.50 ሜትር ይሮጣል። ከጣሪያው በታች ነው፤ ግን አፈሩ ገና አልረጋም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሩን ቀስ በቀስ መክፈት ይገባል። ኩርባ ላይ ደግሞ ውሃው በውጭኛው ጎን ስለሚበረታ፣ ጠባብ ኩርባዎችን በድንጋይ መደገፍ ግድ ነው።

ሁለተኛው ዕድሜ አረም የበቀለበት ነው። n ወደ 0.04 ሲደርስ ያው ውሃ ለማለፍ 64 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይፈልጋል፤ ፍጥነቱም ወደ 0.30 ይወርዳል። ለዚህ ጥልቀት ኬኔዲ የሚጠይቀው 0.41 ነው። ስለዚህ ደለል መቀመጥ ይጀምራል፤ ደለሉ ለአረሙ አፈር ይሆነዋል፤ አረሙ ውሃውን የበለጠ ያዘገየዋል። ከዳር እስከ ውሃው የሚተወው ትርፍ ከፍታ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በ52 ሳንቲ ሜትሩ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ጨምረን ቦዩን 82 ሳንቲ ሜትር እናጠልቀዋለን፤ አፉም 3 ሜትር ያህል ይሰፋል። አረሙ ውሃውን 12 ሳንቲ ሜትር ቢያነሳው እንኳ ዳሩን አያልፍም።

ቦዩ ራሱ ምን ይላል?

ንድፉ በተግባር መያዙን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀጥ ባለ ቦታ 10 ሜትር ለክቶ እንጨት ወይም ብርቱካን ውሃው መሃል መጣልና ሰዓት መያዝ ይበቃል። የላዩ ውሃ ከአማካዩ ስለሚፈጥን ውጤቱ በ0.85 ይባዛል። በእኛ ቦይ፣ ሙሉ ውሃ ሲለቀቅ፣ 10 ሜትሩ 20 ሰከንድ ያህል መውሰድ አለበት። 16 ሰከንድ ከሆነ ፍጥነቱ የአፈሩ ጣሪያ ላይ ደርሷል። 28 ሰከንድ ከወሰደ ደግሞ አረምና ደለል ይዞታል።

ዓይንም ብዙ ያያል። የቦዩ ወለል ወርዶ የማሳ መክፈቻዎቹ ከውሃው በላይ ከተንጠለጠሉ፣ የኩርባው ውጭኛ ጎን ከተናደ፣ ከደረጃዎቹ ግርጌ ጉድጓድ ከተከፈተ ውሃው ፈጥኗል። በራስጌው ውሃው ወደ ዳር እየተጠጋ በግርጌው ያሉ ገበሬዎች ውሃ ካጡ ግን ቦዩ እየተደፈነ ነው። ይህን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ክሱ የሚወድቀው በውሃ አባቱ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን የክፍፍሉ ሳይሆን የፍጥነቱ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የጽዳት ጊዜ በንድፉ ውስጥ መካተት ያለበት ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ አጠገብ፣ ግን ውሃው ወደ ወለሉ ከሚያዘቀዝቅበት ቦታ ራቅ ብሎ ወደ ላይ፣ መለኪያ እንጨት ተተክሎ 52 እና 64 ሳንቲ ሜትር ላይ በቀለም ሁለት መስመር ይሰመርበት። በሩ ሙሉ ውሃ ለቆ ውሃው ከታችኛው መስመር ወደ ላይኛው እየቀረበ ሲሄድ የማኅበሩ አባላት ማጭድና አካፋ ይዘው የሚወጡበት ቀን ደርሷል፤ ላይኛውን መስመር ካለፈ ግን ዘግይተዋል።