አንድ ቃል ብቻ የሚቀበል ባዶ ቦታ

«ቅንጣቶች በሴል ሽፋን በኩል የሚያልፉበት ሂደት ____ ይባላል።» ይህን የሥነ ሕይወት ጥያቄ አንዱ ተማሪ ዲፊውዥን፣ ሌላው ኦስሞሲስ፣ ሦስተኛው አክቲቭ ትራንስፖርት ብሎ ቢሞላው ሦስቱም አልተሳሳቱም።

ጉድለቱ የጥያቄው ነው።

መምህሩ «ቅንጣቶች» የሚለውን «የውሃ ሞለኪውሎች» ብሎ ሲተካው አክቲቭ ትራንስፖርት ይወጣል፤ ሴል በጉልበት የሚያጓጉዘው እንደ ሶዲየም ያሉትን እንጂ ውሃን አይደለምና። ዲፊውዥን ግን ገና ትክክል ነው፤ ኦስሞሲስ ራሱ የዲፊውዥን ዓይነት ነው። ስለዚህ ሰፊው ስም በጥያቄው ውስጥ ይጻፋል፦ «የውሃ ሞለኪውሎች በከፊል አሳላፊ ሽፋን በኩል የሚያደርጉት ዲፊውዥን ____ ይባላል።»

አሁን የሚገባው ኦስሞሲስ ብቻ ነው። ጥያቄው ለተማሪ ከመድረሱ በፊት መልሱን ያላየ ሌላ መምህር ቢሞላው፣ የተረፈ አሻሚነት ካለ ወዲያው ይታያል።