ብሩ የት ገባ? መልሱ ባንኩ ጋ አለ

ደመወዝ ገብቶ ወሩ ሳይጋመስ ብሩ የት እንደገባ ግራ ለሚገባው ሰው፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫው ብዙ ይነግረዋል። ባንኩ በኤክሴል ወይም በሲኤስቪ ፋይል የሚሰጥ ከሆነ እሱን ማውረድ ነው፤ ፒዲኤፍን ወደ ሰንጠረዥ ማዛወር አድካሚ ነው።

ፋይሉ ሲከፈት መጀመሪያ የብሩን ዓምድ ይመልከቱ። ቁጥሮቹ በግራ በኩል ከተደረደሩ ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ሳይቆጥራቸው አልቀረም፤ ድምሩም ዜሮ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ ጋር የተለጠፈውን ‹ብር› ወይም ባዶ ቦታ ማጥፋት ይበቃል።

የወጣው ብር በC ዓምድ ካለ፣ በD ላይ ከእያንዳንዱ ክፍያ ትይዩ ምድቡን ይጻፉ፦ ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርት። ከስምንት ባይበልጡ ይመረጣል። የአንድ ወር ትራንስፖርት እንዲህ ይደመራል፦

```
=SUMIF(D:D,"ትራንስፖርት",C:C)
```

ትልቁ ስሕተት የሚመጣው ከምደባው ነው። ከአንድ ቤተሰብ ሒሳብ በወር 30,000 ብር ወጣ እንበል። 8,000ው ወደ ራሳቸው የቁጠባ ሒሳብ የተላለፈ ስለሆነ ወጪ አይደለም፤ ‹ዝውውር› ተብሎ ይለይ። እውነተኛው ወጪ 22,000 ነው። ከዚያ ውስጥ 9,000ው ከኤቲኤም የወጣ ጥሬ ገንዘብ ቢሆን፣ መግለጫው ስለ እሱ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ገንዘቡ በወጣበት ሰሞን ማስታወሻ ይያዝና ረድፉ ይከፈል፦ 4,000 አስቤዛ፣ 2,000 ትራንስፖርት፣ 3,000 እቁብ። እቁቡም ተመልሶ የሚመጣ ቁጠባ ነውና ከወጪው ይወጣል፤ የወሩ ወጪ 19,000 ይሆናል።