«ጸድቋል» ማለት ገንዘቡ ገብቷል ማለት አይደለም፦ የካርድ ክፍያ ከገዢው ባንክ እስከ ሻጩ ሒሳብ

በውጭ አገር የሚኖሩ ገዢዎች ለቤተሰቦቻቸው የበዓል በግ ወይም የሰርግ ሰንጋ በኢንተርኔት አዝዘው በካርድ ሲከፍሉ፣ ሻጩ ስክሪን ላይ Approved የሚል መልእክት ይወጣል። ብዙ ነጋዴ ይህን ሲያይ እንስሳቱን ያስጭናል። መልእክቱ የሚለው ግን የገዢው ባንክ ገንዘቡን ይዞ ለማቆየት መስማማቱን ብቻ ነው። ገንዘቡ ሻጩ እጅ እስኪገባ ገና ሌላ መንገድ ይቀረዋል፣ ከገባ በኋላም ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ድንበር የተሻገረ በግ ግን አይመለስም።

በመንገዱ ላይ ያሉት

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ድሬዳዋ ያለ ነጋዴ ለአረፋ በዓል በግ በድረ ገጹ ይሸጣል። ዱባይ የሚኖር ገዢ ጅቡቲ ላሉት ዘመዶቹ ስምንት በግ፣ እያንዳንዱን በ125 ዶላር፣ በድምሩ በ1,000 ዶላር አዘዘና የካርዱን ቁጥር አስገባ።

ቁጥሩን መጀመሪያ የሚቀበለው የክፍያ ጌትዌይ ነው። ጌትዌይ ገንዘብ የሚያስቀምጥ ባንክ አይደለም፤ የካርዱን መረጃ በምስጢር ቆልፎ ወደ ሻጩ ባንክ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። ይህ የሻጩ ባንክ፣ ማለትም ለነጋዴው የካርድ ክፍያ የሚሰበስብለት፣ ተቀባይ ባንክ ይባላል።

ተቀባይ ባንኩ የዱባዩን ባንክ በቀጥታ አያውቀውም። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ ካርድ ኔትወርኩ፣ ለምሳሌ ወደ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ይልካል። ኔትወርኩ የካርዱን የመጀመሪያ ስድስት ወይም ስምንት አሃዞች አይቶ ካርዱን የሰጠው የትኛው ባንክ እንደሆነ ይለያል፤ ጥያቄውንም ወደዚያ ያሳልፈዋል።

የሚወስነው ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው። ሒሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ አለ ወይ? የካርዱ ጊዜ አላለፈም ወይ? ካርዱ ተሰርቋል ተብሎ አልተዘጋም ወይ? ግዢው ከደንበኛው ልማድ የወጣ አይደለም ወይ? ብዙ ጊዜ ለገዢው ስልክ የማረጋገጫ ቁጥር የሚላከውም ባለካርዱ ራሱ መሆኑ እንዲታወቅ ነው። ባንኩ ከተስማማ 1,000 ዶላሩን ይይዛል፤ መልሱም በመጣበት መንገድ በኔትወርኩ፣ በተቀባይ ባንኩና በጌትዌዩ በኩል በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይመለሳል።

መልሱ በቁጥር ነው የሚመጣው። 00 ጸድቋል ማለት ነው። 51 በቂ ገንዘብ የለም፣ 54 የካርዱ ጊዜ አልፏል፣ 91 ደግሞ ካርዱን የሰጠው ባንክ ሊገኝ አልቻለም ማለት ነው። 05 ባንኩ ምክንያቱን ሳይገልጽ መከልከሉን ያሳያል፤ ለዚህ ሻጩ መፍትሔ የለውም፣ ገዢው ራሱ ባንኩን መጠየቅ አለበት።

ከመያዝ እስከ መሰብሰብ

እስካሁን አንድ ዶላር እንኳ ከባንክ ወደ ባንክ አልተሻገረም። ገንዘቡ እንዲንቀሳቀስ ሻጩ የያዘውን እንዲሰበስብለት ለጌትዌዩ ማዘዝ አለበት። አንዳንድ ጌትዌይ ይህን ወዲያው በራሱ ያደርጋል፤ ሌላው ሻጩ ቁልፉን እስኪጫን ይጠብቃል። በሻጩ ገጽ ላይ የተያዘው ክፍያ Authorized፣ የተሰበሰበው Captured ተብሎ ይታያል።

ይህ ልዩነት ለእንስሳት ነጋዴ ይጠቅማል። ከስምንቱ በጎች አንዱ በጤና ምርመራ ላይ ወደቀ እንበል። ሻጩ ገና ካልሰበሰበ ከተያዘው 1,000 ላይ የሰባቱን ዋጋ 875 ዶላር ብቻ ሰብስቦ ቀሪውን መልቀቅ ይችላል። ቀድሞ ሁሉን ከሰበሰበ ግን 125 ዶላር ተመላሽ መላክ ይኖርበታል፤ ይህም ገዢው ሒሳብ ላይ እስኪታይ ቀናት ይወስዳል። በሌላ በኩል መያዙ ለዘላለም አይቆይም፤ ብዙ ጊዜ አንድ ሳምንት ገደማ ነው። ምርመራው ከዚያ በላይ ከዘገየ ገንዘቡ ለገዢው ሊለቀቅ ስለሚችል ሻጩ ፈቃዱን እንደገና መጠየቅ አለበት።

ከተሰበሰበ በኋላ ሒሳቡ ከሌሎች ክፍያዎች ጋር ተጠቅልሎ በኔትወርኩ በኩል ያልፋል። ባንኮቹ እርስ በርስ ያወራርዳሉ፤ ተቀባይ ባንኩም ክፍያውን ቀንሶ ለሻጩ ያስገባል። ውሉ ከመቶ 4 ነው ብንል ከ875 ዶላር 35 ይቀነስና 840 ይደርሳል። ከ35ቱ የተወሰነው ካርዱን ለሰጠው ባንክ፣ የተወሰነው ለኔትወርኩ፣ ቀሪው ለተቀባይ ባንኩና ለጌትዌዩ ይሄዳል። ገንዘቡ በየትኛው ምንዛሪና በስንት ቀን እንደሚገባ የሚወስነው ሻጩ ከተቀባይ ባንኩ ጋር የገባው ውል ነው።

መልሱ መንገድ ላይ ሲጠፋ

አንዳንድ ጊዜ የዱባዩ ባንክ ገንዘቡን ከያዘ በኋላ መልሱ ሻጩ ዘንድ ሳይደርስ መስመር ይቋረጣል። የሻጩ ስክሪን «አልተሳካም» ይላል፤ ገዢው ደግሞ «ገንዘቡ ተቆርጧል» የሚል የጽሑፍ መልእክት ደርሶታል። ሁለቱም የሚናገሩት ያዩትን ነው።

እዚህ ላይ ገዢውን «እንደገና ክፈል» ማለት ሁለት ጊዜ እንዲያዝበት ሊያደርግ ይችላል። ሻጩ አስቀድሞ በጌትዌዩ ገጽ የትዕዛዙን መለያ ቁጥር አስገብቶ ሁኔታውን ማየት ይገባዋል። ክፍያው እዚያ ከሌለ ወይም ተሰርዞ ከታየ፣ የተያዘው ገንዘብ በባንኩ አሠራር ለገዢው ይለቀቃል። በተመሳሳይ ምክንያት ገዢው በስልክ የሚልከው የስክሪን ፎቶ ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃው የሻጩ የራሱ የጌትዌይ ገጽ ላይ ያለው ነው።

ገንዘቡ ተመልሶ ሲወጣ

ገንዘቡ ከገባ በኋላም ባለካርዱ ለባንኩ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። አቤቱታው ቻርጅባክ ይባላል። በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ ለብዙዎቹ ምክንያቶች የተሰጠው ጊዜ እስከ 120 ቀን ነው። ባንኩ አቤቱታውን በኔትወርኩ በኩል ወደ ተቀባይ ባንኩ ይመልሳል፤ እሱም ገንዘቡን ከሻጩ ሒሳብ ቀንሶ ማስረጃ እንዲያቀርብ ቀነ ገደብ ይሰጠዋል።

ምክንያቱ ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። «ካርዴን የተጠቀምኩት እኔ አይደለሁም» ከሆነና ክፍያው በስልክ ማረጋገጫ ቁጥር ያለፈ ከሆነ፣ ኪሳራው አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ካርዱን በሰጠው ባንክ ላይ ነው። «በጎቹ አልደረሱም» ወይም «ያዘዝኩት ዓይነት አይደሉም» ከተባለ ግን ያ ማረጋገጫ ሻጩን አያድነውም። የሚያድነው የርክክብ ወረቀት ነው፦ ጅቡቲ ላይ የተረከበው ሰው ስምና ፊርማ፣ ቀኑ፣ የበጎቹ ቁጥርና ፎቶ፣ የጤና ሰርተፊኬቱ ቅጂ፣ ሁሉም የትዕዛዙ መለያ ቁጥር ተጽፎባቸው። እነዚህ ወረቀቶች በጎቹ ከታረዱ በኋላም ቢያንስ ለአራት ወር መቀመጥ አለባቸው።