ሴንቲኔል፦ በሁለት ስልት የተሠራ ሥርዓት

የዋተርፎልና የአጃይል ልዩነት ከክፍል ስላይድ ይልቅ በአሜሪካው ኤፍቢአይ የምርመራ መዝገብ ሥርዓት፣ በሴንቲኔል፣ ላይ በደንብ ይታያል። ሥራው በ2006 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በዋተርፎል ልማድ ፍላጎቱ አስቀድሞ በዝርዝር ተጽፎ፣ በአራት ምዕራፍ ተከፍሎ ለተቋራጭ ተሰጠ። በ2010 ከተፈቀደው 451 ሚሊዮን ዶላር 405 ሚሊዮን ያህሉ ወጥቶ የተጠናቀቁት ሁለት ምዕራፎች ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ኤፍቢአይ ሥራውን ራሱ ይዞ ቡድኑን አሳነሰ። ቀሪውን ፍላጎት በትናንሽ ሥራዎች ሸንሽኖ በየሁለት ሳምንቱ የሚሠራ ክፍል ለተጠቃሚዎች ማሳየት ጀመረ። ስህተት እስከ መጨረሻው ፍተሻ መደበቂያ አጣ። ሥርዓቱም ከታቀደው ቢዘገይም በጁላይ 2012 አገልግሎት ጀመረ።

ድልድይ ቢሆን ግን እኔ ዋተርፎልን እመርጣለሁ፤ መሠረቱ ከተሞላ በኋላ ንድፍ መለወጥ እጅግ ውድ ነው።