ከለገሃር እስከ እንጦጦ፦ ፎቶን ፖስተር የማድረግ ጥበብ

ከለገሃር ሆኖ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ የተነሣ የቸርችል ጎዳና ፎቶ ለፖስተር የሚመች ነው። ከፊት ሰውና ሚኒባስ ይተራመሳል። መንገዱ ግራና ቀኝ በሕንፃ ታጅቦ ይወጣል። ጫፉ ላይ ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ማዘጋጃ ቤት ይታያል፤ ከጀርባው እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በላይ ሰማይ። ይኸው ፎቶ ግን ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጠቅታ ወደ ሥዕል ሲለወጥ፣ እንጦጦ ማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ የተለጠፈ ወረቀት መስሎ ቁጭ ይላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በፎቶሾፕም ሆነ በጂምፕ Posterize የተባለው ትእዛዝ የቀለሞቹን መጠን ከመመዘን በቀር ተራራን ከግድግዳ አይለይም። ፀሐይ ያገኘው የቅርብ ግድግዳና የሩቁ ተራራ ተቀራራቢ ቀለምና ድምቀት ካላቸው ሁለቱንም በአንድ ቀለም ሊቀባቸው ይችላል። ርቀቱ እዚያው ላይ ያበቃል።

ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከቀለም በፊት ርቀትን ይለያል። የፊቱን ሰውና ተሽከርካሪ፣ የመንገዱን ዳር ሕንፃዎች፣ ማዘጋጃ ቤቱን፣ እንጦጦንና ሰማዩን በየራሳቸው ንብርብር ላይ በእጁ ይከነዳል። አሠራሩ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1941 የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮችን ለማስተዋወቅ የወጡት ዝነኛ ፖስተሮች በስክሪን ኅትመት የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ስክሪን ስለሚጠይቅ ሠዓሊዎቹ ግዙፍ ተራሮችን በጥቂት ወጥ ቀለሞች መግለጽ ነበረባቸው፤ ተራሮቹ ግን ሩቅነታቸውን አልለቀቁም።

ሩቅነትን የሚሠራው አየር ነው። በእኛና በተራራው መካከል ያለው አየር ብርሃን ይበትናል፤ የተበተነው ብርሃን ከሁሉ አስቀድሞ ጥቁሩን ያነጣዋል። ለዚህ ነው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በቅርብ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ከለገሃር ሲታይ ወደ ሰማያዊ ግራጫ የሚያደላው። ከዜሮ (ጥቁር) እስከ መቶ (ነጭ) ባለው መለኪያ የፊቱ ጥላ 15 ላይ ቢሆን፣ የመንገዱ ዳር ሕንፃዎች ጥላ ወደ 35፣ የማዘጋጃ ቤቱ ወደ 50፣ የእንጦጦ ወደ 65 ቢወጣ ዓይን ርቀቱን ያምናል። ቁጥሮቹ መነሻ እንጂ ሕግ አይደሉም፤ ቅደም ተከተላቸው ግን መዛባት የለበትም። ብዙዎች እዚህ ድረስ ደክመው ሥራውን የሚያበላሹት በመጨረሻ ሁሉንም ነገር በእኩል ውፍረት ባለው ጥቁር መስመር ሲከቡት ነው። በእንጦጦ ጫፍ ላይ የተሰመረ ወፍራም ጥቁር መስመር ተራራውን ጎትቶ ፒያሳ ያመጣዋል።

ሰማይም ባዶ ሜዳ አይደለም። ጥርት ባለ ቀን ከላይ ጠቆር፣ ወደ አድማሱ ፈዘዝ ይላል፤ ለውጡም ወደ አድማሱ ሲቃረብ ይፈጥናል። ሰማዩን በአራት ወጥ መደቦች የሚከፍል ሰው የላይኛውን ሰፊ፣ የታችኛዎቹን እየጠበቡ የሚሄዱ ማድረግ አለበት። ከሌላ ፎቶ የተወሰደ ሰማይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ወደ ሰሜን በሚያይ የጠዋት ፎቶ ፀሐይ በቀኝ ናት፤ የሕንፃዎቹ ጥላ ወደ ግራ ይወድቃል። ደመናው ግን ከግራ በኩል ከበራ፣ ተመልካቹ ምን እንደሆነ መናገር ባይችልም ፖስተሩን አያምነውም።

ቸርችል ላይ ከሁሉ የሚያሳስተው ዳገቱ ነው። ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የመንገዱ ጠርዞችም የሕንፃዎቹ መስኮቶች መስመርም እየራቁ ሲሄዱ በዓይን ከፍታ ላይ ባለ አንድ ነጥብ ይገናኛሉ። ዳገት ላይ ግን መስኮቶቹ እዚያው ሲገናኙ፣ የመንገዱ ጠርዞች የሚገናኙት ከዚያ ከፍ ብለው ነው። ሁለቱን ወደ አንድ ነጥብ የጎተተ ሠዓሊ ወይ መንገዱን ሜዳ ያደርገዋል፣ ወይ ሕንፃዎቹን ያዘማቸዋል። ሰው ሲጨመርም ያው ነው። ፎቶ አንሺው ቆሞ ካነሣ፣ ከፊት ባለው ደልዳላ ቦታ የቆሙ አዋቂዎች ራስ በዓይን ከፍታ መስመር አካባቢ ይውላል፤ ዳገቱን የጀመሩት ግን ራሳቸው ከመስመሩ በላይ ይወጣል።

ስልኩን ወደ ላይ አቅንቶ ያነሣ ሰው ሕንፃዎቹ ወደ ውስጥ ዘንበል ብለው ያገኛቸዋል። ይህ የሚቃናው ከመከንዳት በፊት ነው፤ ሲቃና የፎቶው ዳር ስለሚቆረጥ መጀመሪያውኑ ሰፋ አድርጎ ማንሳት ይበጃል።

ሊሞክረው የፈለገ አንባቢ ቀለም ለመምረጥ አይቸኩል። ሥራውን በጥቁርና ነጭ፣ በመታወቂያ ካርድ መጠን አትሞ ይየው። እንጦጦ ከማዘጋጃ ቤቱ ኋላ ካልሆነ ወደ ጥላዎቹ ቅደም ተከተል ይመለስ፤ ቀለም ያንን ስሕተት አያርመውም።