ርካሹ ሽሮፕ ከመደርደሪያ ሲጠፋ

እ.ኤ.አ. በ2022 መገባደጃ በካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ ወላጆች የሕፃናት ትኩሳት ማብረጃ ሽሮፕ ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞሩ ነበር። ፋርማሲዎች ክምችታቸውን የሚመሩባቸው ሁለት የታወቁ ስሌቶች ይህን እጥረት አስቀድመው የሚያሳዩ አይደሉም።

የመጀመሪያው የኤቢሲ ምደባ ነው። የእያንዳንዱ መድኃኒት የዓመት ፍጆታ በዋጋው ይባዛል። አብዛኛውን ገንዘብ የሚይዙት ጥቂት መድኃኒቶች “ኤ” ተብለው በቅርብ ይቆጠራሉ፤ ርካሾቹ “ሲ” ተብለው ላላ ያለ ቁጥጥር ይደረግባቸዋል። ሽሮፑ በዋጋው ምክንያት ከእነዚህ መካከል ሊመደብ ይችላል።

ሁለተኛው ፎርድ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተመው የትእዛዝ መጠን ቀመር ነው፦

Q = √(2DS/H)

ለምሳሌ አንድ ፋርማሲ በዓመት 1,200 ጠርሙስ (D) ይሸጣል እንበል። አንዱ ትእዛዝ 12 ዶላር (S)፣ አንድ ጠርሙስ ዓመቱን ሙሉ ማቆየት 2 ዶላር (H) ያስወጣል። ውጤቱ 120 ጠርሙስ ነው፤ በዓመት 10 ጊዜ ይታዘዛል፣ ጠቅላላ ወጪውም 240 ዶላር ይሆናል። በአንድ ጊዜ 240 ጠርሙስ ቢታዘዝ ወጪው ወደ 300 ዶላር ያድጋል።

ቀመሩ ግን ፍላጎት ዓመቱን ሙሉ አይዋዥቅም፣ አቅራቢም አያጓድልም ብሎ ይነሣል። በዚያ ወቅት የሕፃናት የመተንፈሻ አካላት ሕመም ሲበረታ ሁለቱም ፈረሱ።

የአልበርታ መንግሥት ከቱርኩ አታባይ ኩባንያ 5 ሚሊዮን ጠርሙስ አዘዘ። ወደ ፋርማሲዎች የደረሰው ግን በ2023 ፍላጎቱ ከበረደ በኋላ ስለነበር፣ ከገባውም ብዙው ሳይሸጥ ቀረ።

ስለዚህ መድኃኒት በገንዘብ ብቻ ሳይሆን ለታማሚው ባለው አስፈላጊነትም ሊመደብ ይገባል፤ እጅግ አስፈላጊ የሆነው ርካሽም ቢሆን ከቀመሩ ውጤት በላይ መጠባበቂያ ያሻዋል።