ከባድ መጋረጃ በደካማ ልስን ላይ

የመጋረጃ ዘንግ ከግድግዳ ሲነቀል ሰው ሁሉ የሚያማርረው በብሎኑ ወይም በፊሸሩ ነው። ወደ ወደቀው መያዣ ጠጋ ብሎ ላየው ግን ብሎኑ አልተጣመመም፣ ፊሸሩም አልተሰበረም። ሁለቱ እንደተያያዙ፣ ዙሪያቸውን የልስን ቁራጭ ይዘው ነው የወጡት። ጉድጓዱ ውስጥ ጣት ቢገባ የሚነካው ልል አሸዋ ነው። የተሸነፈው ልስኑ ነው፤ መጀመሪያም ሸክሙ በእሱ ላይ መጣል አልነበረበትም።

አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየምም ሆነ የብዙ ሌሎች ቤቶች ግድግዳ የሚሠራው መሃሉ ባዶ በሆነ ብሎኬት ነው። አንዱ ብሎኬት 40 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ ባዶውን ክፍል የሚከልለው የፊቱ ንጣፍ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በዚያ ላይ 2 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ልስን ይለጠፋል። ልስኑ ሲሚንቶው ካነሰው ወይም በሚገባ ውሃ ሳይጠጣ ከደረቀ ከላይ ቀለሙ አምሮ ከውስጥ አሸዋ ሆኖ ይቀራል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። መያዣው የሚያርፍበትን ቦታ በጣት አንጓ ማንኳኳት ነው፤ ድምፁ ከአካባቢው ተለይቶ ባዶ ባዶ ካለ ልስኑ ከብሎኬቱ ለቋል ማለት ነው። መያዣው በሚሸፍነው ቦታ ላይ በቁልፍ ጫፍ ጫር ሲያደርጉትም አሸዋው እየተንኮታኮተ ከወረደ ነገሩ ግልጽ ነው።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፊሸር ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። አፉ ከግድግዳው ፊት እኩል ሆኖ ከተቀመጠ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው አካሉ ልስኑ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ፊሸር የሚይዘው ብሎኑ ሲገባበት ወደ ጎን እየሰፋ ጉድጓዱን ስለሚጨንቅ ነው። ጠንካራ ኮንክሪት ይህን ግፊት ይቋቋመዋል፤ ልል ልስን ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፊሸሩን በአሮጌ ብሎን ወይም በቀጭን ምስማር ጭንቅላት እየገፉ ልስኑን አሳልፎ ሙሉ በሙሉ ጠንካራው አካል ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ያኔ ከመያዣው ጋር የመጣው አጭር ብሎን አይደርስም። ልስኑ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ፊሸሩ 4 ሴንቲ ሜትር፣ የመያዣው ብረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲደመር 7 ሴንቲ ሜትር ብሎን ይፈለጋል። በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ያጠረ ነው። ዘንጉን ሊሰቅሉ የተነሱ ሁሉ ከሁሉ በፊት ረጅም ብሎን ቢገዙ ግማሹን ችግር ፈቱት ማለት ነው።

ሸክሙን እንተምን። 180 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ የሳሎን መስኮት አለ እንበል፤ ዘንጉ በግራና በቀኝ 30 ሴንቲ ሜትር እንዲያልፍ 240 ሴንቲ ሜትር ሆኗል። መጋረጃው በደንብ እንዲታጠፍ ጨርቁ የዘንጉን እጥፍ ያህል፣ 4 ሜትር ከ80 ይሆናል፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ40 ነው። ይህ ከ11 ካሬ ሜትር ተኩል ይበልጣል ማለት ነው። ወፍራም ከፈይ ከነገበሩ በካሬ ሜትር 550 ግራም ቢመዝን ጨርቁ ብቻ 6 ኪሎ ከ300 ይሆናል። የብረቱን ዘንግና ቀለበቶቹን ጨምረን 8 ኪሎ ተኩል እንበለው።

ለግድግዳ 8 ኪሎ ተኩል ብዙ አይደለም። አስቸጋሪው ሸክሙ የሚንጠለጠለው ከግድግዳው ርቆ መሆኑ ነው። ዘንጉ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ፣ የላይኛው ብሎን ከመያዣው እግር የታችኛው ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን፣ ወደ ታች የሚጫነው እያንዳንዱ ኪሎ የላይኛውን ብሎን በ2 ኪሎ ኃይል ወደ ውጭ ይጎትተዋል። ዘንጉ 15 ሴንቲ ሜትር ከወጣ ደግሞ በ3 ኪሎ። ብሎኑን የሚነቅለው ይህ ጉተታ ነው። በዚህ የተነሳ ለደካማ ግድግዳ የሚመረጠው መያዣ ክንዱ አጭር፣ እግሩ ረጅም የሆነው ነው፤ ሁለቱ ብሎኖችም ጎን ለጎን ሳይሆን ከላይና ከታች መሆን አለባቸው። ውድ የሚባሉት ያጌጡ መያዣዎች ብዙዎቹ እግራቸው ትንሽ ክብ ናት፤ ለልስን ግድግዳ እኔ አልገዛቸውም።

አሁን ወደ መያዣዎቹ ርቀት እንምጣ። ዘንጉ ሁለት ጫፉ ላይ ብቻ ቢያዝ መሃሉ ይጎብጣል፤ ርቀቱ ሲሰፋም ጉብጠቱ የሚጨምረው በዝግታ አይደለም። በሁለት መያዣዎች መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ጉብጠቱ ወደ አሥራ ስድስተኛ እጅ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ለከባድ መጋረጃ በመያዣና በመያዣ መካከል ከ100 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ መሄድ አያዋጣም። ለእኛ መስኮት ሦስት መያዣ ይበቃል፤ ሁለቱ ከዘንጉ ጫፎች 10 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው፣ አንዱ መሃል ላይ፤ በመካከላቸው 110 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እየተሳበ የሚረዝም ዘንግ ከሆነ ደካማው ቦታ ቀጭኑ ቱቦ ወፍራሙ ውስጥ የሚገባበት መጋጠሚያ ስለሆነ፣ የመሃሉ መያዣ ከዚያ ሥር ወይም በቅርቡ ይሁን።

ብዙ ሰው የመሃሉን መያዣ እንደ ረዳት ስለሚቆጥረው በአንድ ብሎን ብቻ ያስረዋል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። መጋረጃው ተዘግቶ ጨርቁ በዘንጉ ላይ እኩል ሲዘረጋ ከጠቅላላው ሸክም ከስምንት አምስቱን እጅ የሚሸከመው የመሃሉ መያዣ ነው። በእኛ ስሌት ይህ ከ5 ኪሎ በላይ ነው፤ የላይኛውን ብሎንም ከ10 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ይጎትተዋል። መጋረጃው ሲከፈት ደግሞ ጨርቁ ሁሉ ወደ ጫፎቹ ይሰበሰብና ተራው የጎኖቹ ይሆናል። እጅ ሲጎትተው ወይም ልጅ ሲንጠለጠልበት የሚጨመረውን ደግሞ አስቡት። ሦስቱም በየተራቸው ዋናዎች ናቸውና ሦስቱም እኩል ይታሰሩ። የመሃሉ መያዣ ቀለበት እንደማያሳልፍ ግን ቀድሞ ማወቅ ይገባል፤ መጋረጃው በግራና በቀኝ የሚከፈት ባለ ሁለት ክንፍ መሆን አለበት።

መሰርሰሪያው ወደ ግድግዳው ሲገባ ውስጡ ምን እንዳለ ራሱ ይናገራል። መጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት የልስኑ ነው፤ ቀላልና ፈዘዝ ያለ። ከመስኮቱ አናት በላይ ባለው ቦታ ከልስኑ ቀጥሎ መሰርሰሪያው ዝግ ይልና እጅን የሚገፋ ጥንካሬ ያጋጥመዋል፤ ያ ሊንተል የሚባለው የኮንክሪት ማሰሪያ ነው። ፊሸር የሚፈልገው ይህንን ነው። ጨርሶ አልገባም ካለና የብረት ድምፅ ካሰማ ፌሮ አግኝቷልና ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ ማለት ነው። ሊንተሉ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያልፍ ግን የጎን መያዣዎቹ ብዙ ጊዜ ብሎኬት ላይ ይወድቃሉ። እዚያ ዱቄቱ ሻካራና ጠቆር ያለ ይሆናል፤ ጥቂት እንደገባም መሰርሰሪያው በድንገት ወደ ባዶው ይዘላል። ብሎኬት ሲበሳ የመዶሻ ምቱን ማጥፋት ግዴታ ነው፤ ምቱ የንጣፉን ጀርባ ፈርፍሮ የሚይዘውን ነገር ይወስድበታል። ለባዶ ብሎኬት የተሠራ፣ ከጀርባ በኩል ተጠቅልሎ የሚቋጠር ረጅም ፊሸር ከተገኘ ጥሩ ነው። ጉድጓዱን በጀሶ መሙላት ወይም የእንጨት ታኮ መምታት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ጀሶው ከልል አሸዋ ጋር አይያያዝም፣ ታኮውም ሲደርቅ ይሸሻል።

ልስኑ በሰፊው የለቀቀ ከሆነ፣ ወይም የጎን ጉድጓዶቹ ከተፈረፈሩ፣ እኔ የማምነው ጣውላን ነው። 240 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 10 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋና 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚወፍር ደረቅ ጣውላ በግድግዳው ቀለም ተቀብቶ ከመስኮቱ በላይ በውሃ ልክ ይቀመጣል። ሊንተሉ ላይ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ ይታሰራል፤ ብሎኑ አሁን ጣውላውንም ልስኑንም ማለፍ ስላለበት 9 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ በኋላ ሦስቱ መያዣዎች በአጭር የእንጨት ብሎን የሚታሰሩት ጣውላው ላይ ነው። የመያዣዎቹን ርቀት የሚወስነው ዘንጉ፣ የጣውላውን ብሎኖች ቦታ የሚወስነው ግድግዳው ይሆናል፤ አንዱ ለሌላው አይገደድም። መልኩን የማይወዱ አሉ፤ መጋረጃው ሲሰቀል ግን ጨርቁ አብዛኛውን ይሸፍነዋል።

በጭቃ ቤት ደግሞ ያለ ጣውላ ባይሞከር ይሻላል። ጭቃውም ላዩ ላይ ያለው ልስንም ብሎን አይዝም፤ የሚይዙት ቋሚዎቹ ናቸው። በማንኳኳት ድምፁ ደፈን የሚልበትን ቦታ ፈልጎ፣ በቀጭን ምስማር አረጋግጦ፣ ጣውላውን ከቋሚዎቹ ጋር በረጅም የእንጨት ብሎን ማሰር ነው። ቋሚዎቹ በእኩል ርቀት አይቆሙም፤ የጣውላው ጥቅምም ይህንኑ ማቻቻሉ ነው።

መጋረጃው ከመሰቀሉ በፊት አንድ ፈተና አለ። 10 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን 10 ኪሎ ይመዝናል፤ ይህም የመሃሉ መያዣ ከሚሸከመው እጥፍ ነው ማለት ይቻላል። ዘንጉ ከተቀመጠ በኋላ ጀሪካኑን በእያንዳንዱ መያዣ አጠገብ እያንጠለጠሉ ለጥቂት ደቂቃ መተው፣ ከዚያም ወረቀት ይዞ በመያዣው እግር የላይኛው ጠርዝና በግድግዳው መካከል ለማስገባት መሞከር ነው። ወረቀቱ ከገባ የላይኛው ብሎን መውጣት ጀምሯል። እሱን መልሶ ማጥበቅ ጉድጓዱን ከማስፋት ሌላ ፋይዳ የለውም፤ መያዣውን ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አንስቶ በአዲስ ጉድጓድ ማሰር ወይም ወደ ጣውላው መሄድ ይገባል። መጋረጃው ከተሰቀለም በኋላ በየጊዜው ሲታጠብና ሲወርድ ይህን የወረቀት ፈተና ድገሙት፤ ብዙ ጊዜ ዘንጉ ከመውደቁ ቀድሞ ክፍተቱ ይታያል።